የማዳም ዓረብኛ፣ የወረቀት ዓረብኛ

ቤሩት ውስጥ ለአገሬ ልጆች ሳስተረጉም ደጋግሜ የምሰማው አንድ አነጋገር አለ። «ወንድሜ፣ ዓረብኛ እኮ እችላለሁ፤ ብቻ ወረቀቱን አልችለውም» ይሉኛል። ሁለቱም እውነት ነው። ለዓመታት ሰው ቤት ሠርተው፣ ገበያ ወጥተው፣ ሕፃን አሳድገው የለመዱት ዓረብኛ አላቸው። ቃላቸውን የሚቀበለው ጸሐፊ ግን የሚጽፈው በሌላኛው ዓረብኛ ነው። ፊርማቸውን የሚያኖሩትም እዚያኛው ላይ ነው።

የወረቀቱ ዓረብኛ ፉስሓ ይባላል። ውል፣ ጋዜጣ፣ ዜና፣ የመስጊድ ኹጥባ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ሁሉ በእሱ ነው። እቤቱ ተቀምጦ በፉስሓ የሚጨዋወት ሊባኖሳዊ ግን የለም። ልጅ ከእናቱ አፍ የሚሰማው ዓሚያውን ነው፤ ፉስሓን ትምህርት ቤት ገብቶ ይማረዋል። አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ቻርልስ ፈርጉሰን በ1959 ባወጣው ጽሑፍ ይህን ሁኔታ «ዳይግሎሲያ» ብሎ ሲያብራራ ዓረብኛን ከግሪክኛ፣ ከስዊዘርላንድ ጀርመንኛና ከሄይቲ ክሪኦል ጋር በምሳሌነት አቅርቦት ነበር። ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ነገሩ ቶሎ አይገባንም። አማርኛም ሲጻፍ ክብደት ይጨምራል፣ ሲነገር ይቀልላል፤ ጋዜጣ ላይ የሚታተመው ግሥ ግን እናታችን የምትናገረው ያው ግሥ ነው።

ዓረብኛ እንዲህ አይደለም። «ደመወዜን አልተቀበልኩም» ለማለት ወረቀቱ «ለም አቅቢድ ራቲቢ» ይላል። ቤሩታዊው «ማ አበድት ማዓሺ» ይላል። ደመወዝ ራሱ ስሙ ተለወጠ። ቃፍ የምትባለዋ ፊደል ቤሩት ስትደርስ ጠፍታ በቦታዋ ጉሮሮ ላይ ቆም የሚል ድምፅ ብቻ ቀረ። ይህን ጆሮ ቀስ በቀስ ይለምደዋል። የሚያስቸግረው «ለም» ነው። ይህች ቃል በአፍ ንግግር ውስጥ የለችም። ከኋላዋ የሚመጣው ግሥ መልኩ የአሁን ጊዜ ነው፤ እሷ ስትቀድመው ግን ትርጉሙን ወደ ኃላፊና ወደ አሉታ ታዞረዋለች። «ለም»ን የማያውቅ ሰው ጸሐፊው በፍጥነት ሲያነብለት የሚይዘው «አቅቢድ... ራቲቢ»ን ነው፤ «ደመወዜን እቀበላለሁ» የተባለ መስሎት ራሱን ይነቀንቃል። ስለዚህ፣ የሰጡት ቃል ተነቦ ሲያበቃ «ገብቶሻል?» ብዬ አልጠይቅም፤ ሁሉም «አዎ» ይላል። «ስለ ደመወዝሽ ምን ተጻፈ? ንገሪኝ» እላለሁ። የገባትና ያልገባት ያን ጊዜ ይለያል።

የሚገርመው፣ ሌላኛው ግማሽ ደግሞ አገር ቤት አለ። እኔ ኪታብ የቀራሁት ወሎ ነው። እዚያ ደረሳው በሸሁ ፊት ተቀምጦ በነሕው «ለም» ግሡን ምን እንደምታደርገው፣ የቃሉ መጨረሻ ለምን እንደሚረጋ አንድ በአንድ ያወጣል። የፉስሓን ሰዋስው እንደዚያ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ቤሩት ሱቅ ገብቶ ዳቦ ሲጠይቅ ባለሱቁ አፍጥጦ ያየዋል፤ ባለሱቁ የሚመልስለትም ለእሱ አዲስ ነው። ደረሳው የወረቀቱን ይዞ የአፉን አላገኘም፤ የቤት ሠራተኛዋ የአፉን ይዛ የወረቀቱን አላገኘችም። አንድ መዝገብ ፊት ቢቀመጡ እሱ የተጻፈውን፣ እሷ የተባለውን ያውቃሉ።

የሠራተኛዋ የአፍ ዓረብኛ ራሱ ደግሞ ሙሉው የቤሩት ዓሚያ አይደለም። ቀኑን ሙሉ የምትሰማው ትእዛዝ ነው፤ ትእዛዙም ለሴት የሚነገር ነው። «ሩሒ» ሂጂ፣ «ጂቢ» አምጪ፣ «ሹፊ» እዪ። መደቡን፣ ጊዜውን፣ ወንድና ሴቱን የሚለየውን የግሥ ዕርባታ ማንም ስለማይነግራት፣ የሰማቻትን ትእዛዝ ለሁሉ ትጠቀምባታለች። «አና ሩሒ» ማለት ሄድኩም፣ እሄዳለሁም፣ ልሂድም ሊሆን ይችላል። ፊዳ ብዝሪ የተባለች ምሁር ሊባኖስ ያሉ የስሪላንካ ሠራተኞችን ንግግር አጥንታ በ2010 መጽሐፍ አውጥታለች፤ ቋንቋውን የጠራችውም «ፒጂን ማዳም» ብላ ነው። የእኛም ልጆች አፍ ላይ የምሰማው ይኸው ነው። ለወንድ መኮንን «ሹፊ» ብላ ስትናገር ንቀት የሚመስለው አለ፤ ማንም ሌላውን አላስተማራትም።

ይህ ወረቀት ላይ ሲወርድ ምን እንደሚሆን በአንዲት እህታችን ጉዳይ ላሳይ። የምትሠራበትን ቤት ለቃ አንድ ቢሮ ቃሏን ስትሰጥ እኔ ዘግይቼ ደረስኩ። እስከዚያ ብቻዋን ተናግራለች። ያለችው፦ «ማዳም ማዓሽ ማ ፊ። ማዳም ሩሒ። አና ሩሒ ሚን ቤት።» ጸሐፊው የተረዳውን በፉስሓ አስተካክሎ ጽፏል፤ ደመወዝ እንዳልተቀበለች፣ አሠሪዋ ከቤት በወጣች ጊዜም እሷ ከአሠሪዋ ቤት «ፈረት» ብሎ። ኮበለለች ማለት ነው። በከፋላ ሥርዓት ውስጥ ይህች ግሥ ከባድ ናት። ሠራተኛዋ ከከፊሏ የጠፋች ተብላ እንድትፈለግ፣ መኖሪያ ፈቃዷም ዋጋ እንዲያጣ መንገድ ትከፍታለች። ጸሐፊው ክፋት አላሰበም። ፉስሓ ጊዜና ባለቤት የሌለው ግሥ አይቀበልም፤ አንዱን መምረጥ ነበረበት፣ ቢሮው የለመደውን መረጠ።

በአማርኛ «እስቲ ከመጀመሪያው አጫውችኝ፤ ማነው የሄደው?» አልኳት። ማዳም የትም አልሄደችም። ደመወዟን ስትጠይቃት እስከ ሕንፃው በር አውርዳ «ሩሒ!» አለቻት። መካከለኛዋ ዓረፍተ ነገር የማዳም ንግግር ነበረች፤ «አለችኝ» የሚለው ቃል ግን ልጅቱ በምትችለው ዓረብኛ ውስጥ የለም። ተባራለች እንጂ አልኮበለለችም።

ይህን የሚያሳርም አስተርጓሚ ሁለቱንም ዓረብኛ መቻል አለበት። ለጸሐፊው በዓሚያ የሆነውን አስረዳዋለሁ፤ የሚጻፈውን ግን በፉስሓ ቃል በቃል መጠቆም አለብኝ፤ ያለዚያ ዳግም ራሱ ይመርጣል። ደግሞም ከፊርማ በፊት መሆን አለበት። ከፈረመች በኋላ መዝገቡ የእሷ ቃል ነው፤ የሚመጣው እርማት ሁሉ ቃሏን እንደለወጠች ይቆጠርባታል።

ጸሐፊው ጨዋ ሰው ነበርና ሰርዞ በቦታው «ጡሊበ ሚንሃ» ብሎ ጻፈ፤ «ቤቱን እንድትለቅ ተጠየቀች» ማለቱ ነው። ከፊተኛው ይሻላል፤ ግን አልተውኩትም። አንደኛ፣ ማን እንደጠየቃት አይናገርም። ሁለተኛ፣ ዓረብኛ አጫጭር አናባቢዎቹን በወረቀት ላይ ስለማይጽፍ ያው ሦስት ፊደል «ጠለበ» ተብሎም ይነበባል፤ ያን ጊዜ «እሱ ጠየቃት» ይሆናል። ነገ መዝገቡን የሚከፍተው ሰው «እሱ» የተባለው ማን እንደሆነ ሊጠይቅ ነው። ስለዚህ የግሡን ባለቤት ጨምረን «ቃለት ለሃ ሳሒበቱል ዓመል አን ቱጋዲር» አስባልነው፤ አሠሪዋ ውጪ አለቻት። ይህ በየትኛውም አነባበብ ተናጋሪዋን አይሰውርም። ለልጅቱ መልሼ በአማርኛ አነበብኩላትና «ማነው ያለው?» ስላት «ማዳም» አለች። ከዚያ ፈረመች።