አሮጌ ግራፊክስ ካርድ ላይ የትኛው ሴቲንግ ይቀነስ?

ጂቲኤ 5 አሮጌ ኮምፒውተር ላይ መጎተት ሲጀምር ብዙ ሰው ሴቲንግ ውስጥ ይገባና ያገኘውን ሁሉ ወደ ታች ያወርዳል። ጌሙ ይፈጥናል፤ መልኩ ግን ይጠፋል። አስፋልቱ ይደበዝዛል፣ የሱቅ ታፔላ አይነበብም፣ ልብስና ፊት ዝርዝራቸውን ያጣሉ። የሚያሳዝነው ከወረዱት ሴቲንጎች ብዙዎቹ ፍጥነቱ ላይ የጨመሩት ነገር አለመኖሩ ነው። ካርዱን በእውነት የሚያደክሙት ጥቂቶች ናቸው። እነሱን ለይቶ ያወቀ ሰው ሌላውን ባለበት ትቶ መጫወት ይችላል።

ነገሩን በአንድ ካርድ እንየው። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 4 ጊጋባይት የራሱ ሚሞሪ ያለው ካርድ ነው። ስክሪኑ 1920 በ1080 ይሁን። ጌሙ ደግሞ በ2015 እ.ኤ.አ. ለኮምፒውተር የወጣው የመጀመሪያው ዕትም ነው።

በሰከንድ 60 ፍሬም ማየት ከፈለግን ካርዱ እያንዳንዱን ምስል ለመሥራት ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ነው። ጥላው፣ ሣሩ፣ ነጸብራቁ፣ ጠርዝ ማለስለሱ ሁሉም ከዚህ ጊዜ ላይ እየቆረሱ ይወስዳሉ፤ ወር እስከ ወር የማትደርስ ደሞዝ እንደሚካፈሉ ወጪዎች ማለት ነው። ስለዚህ ጥያቄው “ይህ ሴቲንግ ስንት ሚሊሰከንድ ይወስዳል? በምትኩስ ምን አሳየኝ?” የሚል ነው።

ምንም ከመንካታችሁ በፊት ግን ጥፋቱ የካርዱ መሆኑን አረጋግጡ። MSI Afterburner የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ጌሙ እየሄደ እያለ ካርዱ ምን ያህል እንደተጠመደ ስክሪኑ ጥግ ላይ ይጽፋል። ቁጥሩ 97 ወይም 99 በመቶ ላይ ከቆመ ካርዱ ያለ የሌለ አቅሙን እየሰጠ ነው፤ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ይሠራል። ካርዱ 60 በመቶ ላይ ቆሞ ጌሙ የሚጎትት ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደኋላ የቀረው ፕሮሰሰሩ ነው። ሌላ ቀላል መፈተኛም አለ፦ ሪዞሉሽኑን ለጊዜው ወደ 1280 በ720 አውርዱት። ፍጥነቱ ካልተነሳ ካርዱን አትውቀሱ። ያን ጊዜ የሚቀነሰው የእግረኛና የመኪና ብዛትን የሚወስነው Population Density እና ሩቅ ያለው ነገር በምን ያህል ዝርዝር እንደሚታይ የሚወስነው Distance Scaling ነው።

ካርዱ መሆኑ ከተረጋገጠ መጀመሪያ የማይነካውን እንለይ። Texture Quality የግድግዳውን፣ የአስፋልቱን፣ የልብሱን ገጽታ የያዙትን ሥዕሎች መጠን ይወስናል። ሥዕሎቹ ሚሞሪ ውስጥ እስከገቡ ድረስ ትልቅም ሆኑ ትንሽ ፍጥነቱ ላይ የሚያመጡት ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ችግር የሚመጣው ሚሞሪው ሲሞላ ነው፤ ካርዱ የጎደለውን ከኮምፒውተሩ ራም ማምጣት ይጀምራል፣ ያ መንገድ ደግሞ ከራሱ ሚሞሪ እጅግ የዘገየ ነው። ምልክቱም ይለያል፦ ጌሙ እኩል አይዘገይም፤ ደህና ሲሄድ ቆይቶ መኪናው ወደ አዲስ ሰፈር ሲታጠፍ ድንገት ቀጥ ይላል። የጂቲኤ 5 የግራፊክስ ገጽ የሚሞሪውን ፍጆታ በመስመር ያሳያል። መስመሩ ካልሞላ ቴክስቸሩን ከፍ አድርጋችሁ ተዉት። Anisotropic Filtering የሚባለውም X16 ላይ ይቆይ፤ ዋጋው ጥቂት ነው፣ ከፊታችን የሚዘረጋው መንገድ ሩቅ ድረስ ጥርት ብሎ የሚታየው ግን በእሱ ነው።

አሁን ወደ በሊታዎቹ። የመጀመሪያው MSAA ነው። ሥራው የነገሮችን ጠርዝ ማለስለስ ሲሆን X4 ላይ ካርዱ ለእያንዳንዱ ፒክሰል አራት ናሙና እንዲይዝ ያስገድዳል። ያ ጊዜም ሚሞሪም ይበላል፤ X4 ስታደርጉት የሚሞሪው መስመር ሲዘል ታያላችሁ። FXAA ግን ምስሉ ካለቀ በኋላ ጠርዞቹን ብቻ ፈልጎ ስለሚያደበዝዝ ወጪው ትንሽ ነው። ልዩነታቸው በቀጭን ነገሮች ላይ ይታያል፦ በFXAA ሩቅ ያለ የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም የሽቦ አጥር እየነዳችሁ ስታልፉ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ምስሉም ትንሽ ይለሰልሳል። በእኔ አስተያየት በዚህ ካርድ ላይ ለሽቦ ብሎ ያን ያህል ጊዜ መክፈል አያዋጣም። MSAA ይጥፋ፣ FXAA ይብራ።

ሁለተኛው Grass Quality ነው፤ ሰው ሁሉ የሚስተው ይህንን ነው። ሎስ ሳንቶስ ከተማ መሃል ሣር እምብዛም ስለሌለ Ultra ብታደርጉትም ብትቀንሱትም ለውጡ ትንሽ ነው። ወደ ተራራው ስትወጡ ግን ሺህ ቅጠል አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ ይመጣል፤ ካርዱ አንዱን ፒክሰል ቀለም ቀብቶ ሳይጨርስ ከፊቱ ያለውን ቅጠል ደግሞ እዚያው ላይ ይቀባል። ከተማ ውስጥ ብቻ ሞክሮ “ተስተካከለ” ያለ ሰው ገጠር ሲገባ ፍጥነቱ የሚወድቅበት ለዚህ ነው። ከUltra ወደ High ሲወርድ ሣሩ ይሳሳል እንጂ አይጠፋም፤ እየነዳ ያስተዋለ ሰውም ብዙ አይገኝም።

ጥላ ሦስተኛው ነው። Soft Shadows ውስጥ NVIDIA PCSS የሚለው ጥላው ከባለቤቱ በራቀ ቁጥር እየደበዘዘ እንዲሄድ ያደርጋል፤ ውብ ነው፣ ግን ውድ ነው። Soft የሚለው ይበቃል። Advanced Graphics የሚለው ገጽ ላይ ያሉት ረጃጅም ጥላዎችና ተጨማሪ ርቀቶች ሁሉ ጠፍተው ይቆዩ።

ስትለኩ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ከዚያ ለኩ። ጌሙ ውስጥ አንድ ቀን 48 ደቂቃ ስለሆነ እዚያው ቦታ ቆማችሁ እንኳ ፀሐይና ጥላ ይቀየርባችኋል፤ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ትዕይንት የሚያሳየውን የጌሙን የራሱን መለኪያ መጠቀም ይሻላል። የመጀመሪያውን ዙር አትቁጠሩት፣ ገና ፋይል እየጫነ ነው።

ለማሳያ ያህል በ42 ፍሬም ጀመርን እንበል፤ አንዱ ምስል 23.8 ሚሊሰከንድ ፈጀ ማለት ነው። MSAA ጠፍቶ 51 ከደረሰ ጊዜው 19.6 ሆነ፤ 4.2 ተረፈ። ሣሩ ቀንሶ 57 ከሆነ 17.5 ነው፤ 2.1 ተረፈ። ጥላው ተቀይሮ 61 ሲደርስ 16.4፤ 1.1 ተረፈ። ከሚሊሰከንዱ ይልቅ ፍሬሙን ብቻ ያየ ሰው ሣሩ 6፣ MSAA ደግሞ 9 ፍሬም ስለሰጡት ብዙም የማይራራቁ ይመስሉታል። በጊዜ ሲታይ ግን MSAA የሣሩን እጥፍ ወስዶ ነበር።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ካልበቃ የቀረው ሪዞሉሽን ነው። 1600 በ900 ሲሆን ካርዱ የሚቀባው ፒክሰል በ30 በመቶ ግድም ይቀንሳል፤ ነገር ግን መላው ምስል ስለሚደበዝዝ የመጨረሻው አማራጭ መሆን አለበት። ከዚያ በፊት ሌላ መንገድ አለ፦ ፍሬሙ በ45 እና በ60 መካከል እየዘለለ ካስቸገረ VSync የሚለውን Half አድርጉት። በ60 ኸርዝ ስክሪን ላይ ጌሙ 30 ላይ እኩል ይሄዳል፤ የተረፈው ጊዜም ሣሩንና ጥላውን መልሶ ከፍ ለማድረግ ይበቃል። ፈጣን ተኩስና ውድድር ለሚወድ አይመከርም፤ ታሪኩን እየተከተለ ለሚነዳ ሰው ግን ከሚዘል 50 የረጋ 30 ይሻለዋል።