መርከቡ ሳይነሳ የሚጻፍ ደብዳቤ

ከቻይና ዕቃ ያዘዘ አስመጪ «ዕቃዬ መቼ ይላካል?» ብሎ ሲጽፍ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው መልስ «በሚቀጥለው ሳምንት» የሚል ነው። አቅራቢው አልዋሸ ይሆናል፤ የትኛውን ቀን ማለቱ እንደሆነ ግን አይታወቅም። ዕቃው ከፋብሪካ የሚወጣበት ቀን፣ ለወደብ የሚረከብበት ቀንና መርከብ ላይ የሚጫንበት ቀን ለየቅል ናቸው። ባንክ የሚያየው መርከብ ላይ የተጫነበትን ነው።

አንድ ነጋዴ ከኒንግቦ 200 የልብስ ስፌት ማሽን በኤልሲ አዘዘ እንበል። በኤልሲው የመጨረሻው የመጫኛ ቀን ጃንዋሪ 20 ነው። አቅራቢው «ጃንዋሪ 12 ዝግጁ ነው» ሲለው ስምንት ቀን የተረፈው ይመስለዋል፤ መርከቡ የሚነሳው ግን 23 ነው። ቢል ኦፍ ሎዲንጉ 23 ተጫነ ካለ ከኤልሲው ጋር አይገጥምም፤ ባንኩም ሰነዱን አልቀበልም ማለት ይችላል። ነጋዴው ልዩነቱን ተቀብያለሁ ብሎ እስኪጽፍና ባንኩ እስኪስማማ ድረስ ኮንቴነሩ ወደብ ደርሶ ሰነድ ሊጠብቅ ይችላል፤ የማቆያው ሂሳብም ይቆጥራል። ቀኑን ቀድሞ ያወቀ ሰው ኤልሲውን በጊዜ ያስተካክላል። የቻይና አዲስ ዓመት ከጃንዋሪ 21 እስከ ፌብሩዋሪ 20 ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚውል፣ በዚያ ሰሞን ፋብሪካ ይዘጋል፣ የመርከብ ቦታም ይጠባል።

ስለዚህ ደብዳቤው እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦ «ዕቃው ለወደቡ የሚረከብበትን ቀን፣ የመርከቡን ስምና የጉዞ ቁጥር፣ ከኒንግቦ የሚነሳበትንና ጅቡቲ የሚደርስበትን ቀን ይግለጹልን። የመርከብ ድርጅቱ ወይም ወኪሉ የሰጣችሁን የቡኪንግ ማረጋገጫም ያያይዙልን።» እኔ ከሁሉ የምተማመነው በዚህ የመጨረሻ ወረቀት ነው፤ የአቅራቢው ተስፋ ሳይሆን የጫኙ ቃል ነውና። እሱም ቢሆን ዋስትና አይደለም፤ መርከብ ሲሞላ ኮንቴነር ለሚቀጥለው ጉዞ ይተላለፋል።

ሁለተኛው ጥያቄ የሰነዶቹ ረቂቅ ነው፤ ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት፣ የስሪት አገር ምስክር ወረቀትና ቢል ኦፍ ሎዲንግ፣ ሁሉም ከመጫኑ በፊት ይላኩ። ረቂቁን ከትራንዚተሩ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ ነው። ፓኪንግ ሊስቱ ጠቅላላ ክብደቱን 5,400 ኪሎ ብሎ ቢል ኦፍ ሎዲንጉ 5,040 ካለ ሁለት ቁጥሮች ቦታ ተለዋውጠዋል፤ ባንክም ጉምሩክም ይጠይቁበታል። በኢንቮይሱ ላይ የዕቃው መግለጫ ኤልሲው ካለው ጋር መግጠም አለበት። ዕቃው በመልቲሞዳል የሚመጣ ከሆነ መድረሻው ሞጆ ደረቅ ወደብ መባሉን ማየት ያስፈልጋል። ረቂቅ ማረም ቀላል ነው፤ የወጣ ቢል ኦፍ ሎዲንግ ማስለወጥ ግን ክፍያና ቀናት ይበላል።

በመጨረሻ ዋናዎቹ ሰነዶች ባንክ የሚገቡበት ቀን ይጠየቅ። ኤልሲው ሌላ ቀን ካልወሰነ በዓለም አቀፉ የኤልሲ ደንብ አቅራቢው ከተጫነ በኋላ እስከ 21 ቀን መቆየት ይችላል። ጃንዋሪ 23 ለተጫነ ዕቃ ይህ እስከ ፌብሩዋሪ 13 ይደርሳል። መርከቡም ወረቀቱን ቀድሞ ሊደርስ ስለሚችል፣ ሰነዱ በተጫነ በአምስት ቀን ውስጥ ለባንክ እንዲሰጥ ከመጀመሪያው ኤልሲው ላይ ማስጻፍ ይቻላል።