ደረሰኝ አንባቢው ፕሮግራምና የጠፋው 60 ብር

ለእናቴ የሱቅ ወጪ መዝገብ እንዲያገለግል፣ የደረሰኝን ፎቶግራፍ አንብቦ የሻጩን ስም፣ ቀኑንና ድምሩን የሚለይ ፕሮግራም ሠራሁ። ስሙን ከላይ፣ TIN ከሚለው ቁጥር ቀጥሎ ካለው መስመር ይወስዳል፤ ቀኑንም 05/03/2024 ቢያገኝ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የሦስተኛው ወር አምስተኛ ቀን ብሎ ይመዘግባል።

አስቸጋሪው ድምሩ ነበር። አንድ ቀን ታናሽ ወንድሜ በ500 ብር ዕቃ ገዝቶ 40 ብር መልስ አመጣ፤ መዝገቡ ግን ወጪው 400 ነው አለ። እናቴም «60 ብሩ የት ደረሰ?» ብትለው ልጁ አለቀሰ።

ደረሰኙን ብመረምር ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ተገኘ። ፕሮግራሙ TOTAL የሚለውን ቃል ሲፈልግ መጀመሪያ ያገኘው SUBTOTAL በሚለው ውስጥ ነው፤ ይህም 15 በመቶው ታክስ ያልተጨመረበት ሒሳብ ነው። ትልቁን ቁጥር ውሰድ ብለው ደግሞ CASH ከሚለው ጎን ያለውን 500 ይወስድ ነበር።

ስለዚህ ለብቻው የተጻፈውን TOTAL እንዲወስድ አድርጌ፣ ሁለት ማረጋገጫ ጨመርሁበት፤ ይኸውም 400 ሲደመር 60፣ እንዲሁም 500 ሲቀነስ 40፣ ሁለቱም 460 መሆን አለባቸው። ካልሆኑ፣ ደብዝዞ የታተመ 8 እንደ 3 ተነቦ ሊሆን ስለሚችል፣ ደረሰኙን ሰው ያየዋል።

ወንድሜንም ይቅርታ ጠየቅሁት።