ብሬከሩ የማያየው ገመድ

ዋሽንግተን አካባቢ በአሮጌ አፓርትመንት ለሚኖር ሰው የብርዱ ወራት ችግር የታወቀ ነው። የቤቱ ማሞቂያ ስለማይበቃ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ተገዝቶ መኝታ ቤት ይቀመጣል። ሳሎን ያለው ሰው ካውያ ሲሰካ ትንሽ ቆይቶ የሁለቱም ክፍል መብራት ጥፍት ይላል። ብሬከሩ ወርዷል ማለት ነው። እሱን መልሶ ማንሳት ቀላል ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ብዙ ሰው ከዚያ በኋላ የሚወስደው መፍትሔ ነው።

መጀመሪያ ብሬከሩ ለምን እንደወረደ እንይ። እዚያ አገር የግድግዳ ሶኬት ኃይል 120 ቮልት ነው። አብዛኛው ተንቀሳቃሽ ማሞቂያ በከፍተኛው ደረጃ 1500 ዋት ይወስዳል። ዋቱን ለቮልቱ ስናካፍል 12.5 አምፔር ይመጣል። የመኝታ ቤትና የሳሎን ሶኬቶች ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአንድ ብሬከር የሚነሳ አንድ መስመር ይጋራሉ፤ ብሬከሩ ላይ የተጻፈው ቁጥርም በአብዛኛው 15 ነው። ማሞቂያው ብቻውን መስመሩን ሊሞላው ምንም አልቀረውም። 1200 ዋት ካውያ 10 አምፔር ሲጨምርበት ድምሩ 22.5 ይሆናል። በብሬከሩ ውስጥ ያለው የብረት ልሳን እየሞቀ ይጣመምና መስመሩን ይቆርጣል። ለመሞቅ ጊዜ ስለሚፈልግ ነው ወዲያው ሳይሆን ትንሽ ቆይቶ የሚወርደው። ማሞቂያውን ገና እንደሰኩት በቅጽበት ከወረደ ግን ነገሩ ሌላ ነው፦ ማሞቂያው ውስጥ ወይም ገመዱ ላይ ሽቦ ከሽቦ ተነካክቶ ሊሆን ስለሚችል ደግሞ መሞከር አይገባም።

አሁን ወደዚያ መፍትሔ እንምጣ። ሰውየው መላ ያገኛል፦ ወጥ ቤት ያለው ሶኬት ሌላ መስመር ስለሆነ፣ ከዚያ በኤክስቴንሽን ገመድ ወደ መኝታ ቤት ይስባል፤ ሰው እንዳያደናቅፍም ገመዱን ከምንጣፍ ሥር ያሳልፈዋል። ብሬከሩ ከዚያ በኋላ አይወርድም፤ ቤተሰቡም ችግሩ ተፈታ ብሎ ይተኛል።

የተፈታው ግን የብሬከሩ ችግር ብቻ ነው። ብሬከር የተተከለው በግድግዳው ውስጥ ያለውን ሽቦ እንዲጠብቅ ሆኖ ነው፤ ከሶኬቱ ወዲህ ምን ዓይነት ገመድ እንደተሰካ አያውቅም። ለመብራት ተብሎ የሚሸጠው ቀጭን ገመድ ብዙውን ጊዜ 18 ጌጅ ነው (በዚህ አቆጣጠር ቁጥሩ ሲተልቅ ሽቦው ይቀጥናል)፤ የሚችለውም ወደ 10 አምፔር ገደማ ነው። በእሱ ላይ 12.5 አምፔር ሲሄድ በሩብ ያህል አለፈ ማለት ነው። ሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ግን የሚጨምረው በአምፔሩ ካሬ ስለሆነ፣ ሙቀቱ ከግማሽ በላይ ያድጋል። ምንጣፉ ደግሞ እንደ ብርድ ልብስ አፍኖ ይይዘዋል። የወጥ ቤቱ ብሬከር ቢያንስ 15 እስኪያልፍ ስለሚጠብቅ 12.5ን እንደ ጤነኛ ያየዋል፤ የገመዱ ላስቲክ ሌሊቱን ሙሉ ሲለሰልስም ዝም ይላል። ባለ ብዙ ቀዳዳው ማከፋፈያም ከዚህ አይሻልም፤ በላዩ ያለው ማብሪያና የውስጥ መጋጠሚያው ለረጅም ሰዓት እንዲህ ላለ ጭነት አልተሠሩም። አምራቾች ማሞቂያውን በቀጥታ ግድግዳ ላይ ስኩ የሚሉት ለዚህ ነው።

ብሬከሩን በ20 ልቀይረው የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ይህ ከገመዱም የባሰ ነው፤ ከ15ቱ ብሬከር ጋር የተዘረጋው የግድግዳ ሽቦ ቀጭን ስለሆነ፣ አሁን የሚሞቀው በማይታይበት ቦታ ነው።

ትክክለኛው መንገድ ጭነቱን መቀነስ ነው። አንዱን ብሬከር አጥፍቶ የትኞቹ ሶኬቶች እንደሞቱ በትንሽ መብራት እየዞሩ ማየትና መጻፍ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ከዚያ ማሞቂያው ሲሠራ በዚያ መስመር ላይ ካውያ፣ የፀጉር ማድረቂያና መጥረጊያ ማሽን አይሰኩም። ሌላ ዕቃ አብሮ መጠቀም ግድ ከሆነ ማሞቂያውን ወደ 750 ዋት ዝቅ ያድርጉት፤ 6.25 አምፔር ብቻ ይወስዳል። ከ1200 ዋቱ ካውያ ጋር ግን ድምሩ አሁንም ከ15 በላይ ስለሆነ፣ ካውያው ተራውን ይጠብቅ። የወረደውን ብሬከር ለማንሳት መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ወደ ማጥፊያው መግፋት፣ ከዚያ ወደ ማብሪያው መመለስ ነው፤ መሃል ላይ ቆሞ ከሆነ በቀጥታ ቢገፉት አይይዝም።

አዲስ አበባ ላለ ሰው ኃይሉ 220 ቮልት ስለሆነ 2000 ዋት ማሞቂያ የሚወስደው 9 አምፔር ያህል ብቻ ነው፤ ገመዱ ግን ከዚያም ቀጥኖ ሊገኝ ይችላል። የምጣድ መስመር ላይ አብሮ መሰካት ደግሞ ያው የካውያው ታሪክ ነው።

በቀጥታ ግድግዳ ላይ ተሰክቶም የሚቀር አንድ ነገር አለ፤ የላላ ሶኬት። የሶኬቱ ልሳን ሹካውን ጠበቅ አድርጎ ካልያዘ፣ በዚያች ነጥብ ላይ ሙቀት ይጠራቀማል፤ ብሬከሩ ይህንንም አያይም። ማሞቂያው ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ ያጥፉትና ሹካውን ይንኩት። ለብ ካለ ደህና ነው። እጅ የማያስነካ ከሆነ፣ የሶኬቱ ዙሪያ ቡናማ ወይም ጥቁር ከሆነ፣ ወይም ሹካው በራሱ ክብደት ከወጣ ማሞቂያውን እዚያ አይመልሱ፤ ለአከራዩ ደውለው ሶኬቱ በባለሙያ እንዲቀየር ይጠይቁ።