ዘሯ አፈር አትበላም

የግራር ፍሬ በበጋ ደርቆ ሲረግፍ ፍየሎች እየተሻሙ ይበሉታል። ከውስጡ ያሉት ዘሮች ብዙዎቹ አብረው ይደቃሉ፤ ጥቂቶቹ ግን ሲያመሰኩ ከአፋቸው ይወድቃሉ፣ አለዚያም ከበጠጥ ጋር ይወጣሉ። ለልጆች የምንነግረው ታሪክ ከእነዚህ አንዷን ይከተላል፤ ቡናማ፣ ልሙጥና ጠንካራ ናት፤ በረቱ አጠገብ አፈር ለብሳ ቀርታለች።

ዝናብ ዘነበ፤ ዘሯ ግን አልበቀለችም። «ለምን?» ብሎ ልጁ መጠየቁ አይቀርም። ባቄላ ማታ ቢዘፈዘፍ ጠዋት አብጦ ይገኛል። የግራር ዘር ግን ሽፋኗ ውኃ ስለማያስገባ ውኃ ውስጥ ሰንብታም እንዳለች ልትወጣ ትችላለች። ሽፋኑ የሚሳሳው በፍየል ሆድ ውስጥ፣ በቀን ሙቀትና በሌሊት ብርድ መፈራረቅ ወይም ከድንጋይ ጋር በመፋተግ ነው። ይህ በሁሉም ዘሮች ላይ እኩል ስለማይደርስ ከአንድ ዛፍ የረገፉ ዘሮች በተለያየ ዓመት ይበቅላሉ። ችግኝ የሚያፈሉ ሰዎች ግን ያን ያህል አይጠብቁም። ውኃ አፍልተው ከእሳት ያወርዱና ዘሩን ጨምረውበት እስከ ማግስቱ ይተዉታል፤ ያበጠውን ለቅመው ይዘራሉ። ትንሽ ክብ ቀዳዳ ያለባት ዘር ከተገኘች ነቀዝ ውስጧን በልቶ የወጣባት ናትና አብዛኛውን ጊዜ አትበቅልም።

የእኛዋ ዘር ሽፋኗ ሳስቶ በክረምቱ ውኃ ገባባት። አበጠች፣ ተሰነጠቀች። በውስጧ የተኛው ፅንስ ነቅቶ መተንፈስ ጀመረ። አዎን፣ ዘርም ትተነፍሳለች፤ ውኃ የተኛበት አፈር ውስጥ ኦክስጅን ስለምታጣ ልትበሰብስ ትችላለች።

መጀመሪያ የሚወጣው ሥሩ ነው። ዘሯ በየትኛውም ጎኗ ብትወድቅ ሥሩ ታጥፎ ወደ ታች ይወርዳል። በሥሩ ጫፍ ባሉ ሕዋሳት ውስጥ ከባድ የስታርች ቅንጣቶች አሉ፤ በመሬት ስበት ወደ ታችኛው ጎን ሲሰፍሩ ሥሩ አቅጣጫውን ያውቃል። ቀጥሎ ግንዱ ጎብጦ አፈሩን ይሰነጥቅና ሁለቱን የዘሯን ክኮች ወደ ላይ ይጎትታቸዋል። እናት ዛፍ የቋጠረችላት ስንቅ ያለው በእነዚህ ክኮች ውስጥ ነው። ቡቃያዋ ብርሃን እስክታገኝ በዋናነት የምትኖረው በእሱ ነው፤ ዘሯ ጠልቃ ከተቀበረች ግን መንገድ ላይ ያልቅባታል። ስለዚህ ዘር ሲዘራ ከውፍረቱ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ የሚሆን አፈር ማልበስ ይበቃል።

ክኮቹ ብርሃን ሲያዩ ይከፈታሉ፤ ከመካከላቸው ጥቃቅን ቅጠሎች ይወጣሉ። ቅጠሎቹ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከሥሩ ውኃ ይቀበላሉ፤ በፀሐይ ብርሃን ኃይል ስኳር ይሠራሉ። ስንቃቸውን የጨረሱት ክኮች ጠውልገው ይረግፋሉ።

ዓመታት ያልፋሉ። ዛፏ የምትረዝመው በቅርንጫፎቿ ጫፍ ብቻ ነው፤ ግንዷ ደግሞ ከቅርፊቱ ሥር ወደ ጎን ይወፍራል። ልጁ በደረቱ ልክ ግንዷ ላይ ምልክት ቢያደርግ፣ አድጎ ሲመለስ ምልክቱን እዚያው ከፍታ ላይ ያገኘዋል፤ ከፍ ያለው እሱ ነው። አንድ ቀን አበባ ታወጣለች፤ ንቦች የአበባ ዱቄት ከዛፍ ዛፍ ያመላልሳሉ፣ ፍሬም ይይዛል።

ይህ ሁሉ እንጨት ከየት መጣ? «ከአፈሩ» የሚል መልስ ለብዙዎቻችን ይቀርበናል። ቫን ሄልሞንት የተባለ የብራስልስ ሰው ይህን ሊፈትን 90 ኪሎ ያህል ደረቅ አፈር መዝኖ 2 ኪሎ ከምናምን የሚመዝን የአኻያ ችግኝ ተከለበት፤ ውኃ ብቻ እያጠጣ 5 ዓመት ጠበቀ። ዛፉ 77 ኪሎ ገደማ ሆነ፤ ከአፈሩ የጎደለው ግን 60 ግራም እንኳ አይሞላም። ውጤቱ በ1648 እ.ኤ.አ. ታተመ። እሱ ዛፉ የተሠራው ከውኃ ነው ብሎ ደመደመ፤ የአየሩ ድርሻ የታወቀው ከእሱ በኋላ ነው። ከእንጨት ክብደት አብዛኛው ካርቦንና ኦክስጅን ነው፤ ይህም የመጣው ቅጠሎቹ ከሳቡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።

ልጁ ይህን ምድጃ ዳር ሊያየው ይችላል። አንድ ሸክም እንጨት ሲነድ አብዛኛው ወደ መጣበት አየር ይመለሳል፤ ሥሩ ከአፈር የቀዳው ማዕድን ደግሞ ምድጃው ውስጥ የሚቀረው አመድ ነው። ጠዋት አመዱ ሲዛቅ ዛፏ ከአፈር ምን ያህል እንደወሰደች ይታያል።