ደራሽ ጎርፍ፦ የሚፈስ ውኃን በእግርም ሆነ በተሽከርካሪ ማቋረጥ ለምን ለሕይወት ያሰጋል? ቤተሰብስ እንዴት ይዘጋጅ?

ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ ሌሊት፣ አብዛኛው የድሬዳዋ ነዋሪ በእንቅልፍ ላይ ሳለ፣ የደቻቱ ወንዝ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ወጣ። ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ፤ በወንዙ ዳርና ዳር የነበሩ ቤቶች ከነንብረታቸው ተወሰዱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችም ከቀያቸው ተፈናቀሉ። ይህ ጽሑፍ የዚያን ሌሊት ትምህርት መነሻ በማድረግ፣ የሚፈስ ጎርፍ ሰውንና ተሽከርካሪን እንዴት እንደሚጥል፣ እንዲሁም ቤተሰቦች አስቀድመው ሊያደርጉት የሚገባውን ዝግጅት ያብራራል።

ሰማዩ ጠርቶም የሚመጣ ጎርፍ

ደቻቱ ከዚራንና መጋላን ለሁለት ከፍሎ የሚያልፍ ወንዝ ነው። ይሁን እንጂ በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ውኃ አይታይበትም። አሸዋማው ወለሉ ለእግረኛ መተላለፊያ፣ ለሕፃናት መጫወቻ፣ ለነጋዴም መደብ ሆኖ ሲያገለግል የኖረ በመሆኑ፣ ወንዝ መሆኑን መዘንጋት ቀላል ነው።

ወንዙን የሚሞላው ዝናብ ግን በአመዛኙ ከተማዋ ላይ የሚዘንበው አይደለም። ከድሬዳዋ በስተደቡብ ያሉት የሐረርጌ ደጋማ ቦታዎች ከከተማዋ እጅግ ከፍ ያሉ ሲሆኑ፣ እዚያ የሚጥለው ከባድ ዝናብ በተራቆተውና ተዳፋት በሆነው መሬት ላይ ለመስረግ ጊዜ ሳያገኝ ቁልቁል ይወርዳል። በየሸለቆው የነበረው ውኃ በአንድ ቦይ ሲገናኝ ደራሽ ጎርፍ ይሆናል። ጎርፉ በሴኮንድ 3 ሜትር ቢጓዝ፣ 20 ኪሎ ሜትር ርቀትን ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያቋርጣል። በመሆኑም ዝናቡ ደጋ ላይ አባርቶ፣ ቆላው ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ፣ ደረቁ ወንዝ በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞላ ይችላል።

የጎርፉን መምጣት አስቀድመው የሚያሳውቁ ምልክቶች አሉ። በተራሮቹ ላይ የጠቆረ ደመናና ተደጋጋሚ መብረቅ መታየት፣ ከወንዙ የላይኛው አቅጣጫ እንደ ከባድ መኪና ድምፅ ያለ ጉርምርምታ መሰማት፣ ጥቂት የነበረው ውኃ በድንገት መደፍረስ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መምጣት ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከታየ ወይም ከተሰማ፣ በወንዙ ወለል ላይ ያለ ሰው ዕቃውን ለመሰብሰብ ሳይዘገይ ወዲያውኑ ወደ ከፍታ መውጣት ይኖርበታል።

ከጉልበት በታች የሆነ ውኃ ሰውን እንዴት ይጥላል?

ብዙ ሰዎች የጎርፍን አደጋ የሚለኩት በጥልቀቱ ነው። ውኃው ከጉልበት በታች ከሆነ እንሻገረዋለን ብለው ያስባሉ። ዳሩ ግን ከጥልቀቱ እኩል፣ አንዳንዴም ይበልጥ፣ የሚወስነው ፍጥነቱ ነው። የውኃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን በእግር ላይ የሚያሳርፈው ግፊት እጥፍ ብቻ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል።

ይህን በምሳሌ እንመልከት። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ውስጥ ቆሟል እንበል። ውኃው በዝግታ፣ በሴኮንድ 1 ሜትር ሲፈስ፣ በሁለቱ እግሮቹ ላይ የሚያርፈው ግፊት በግምት 6 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ነው፤ ይህን ሊቋቋመው ይችላል። ፍጥነቱ በሴኮንድ 2 ሜትር ሲደርስ፣ ይኸውም ሰው በሶምሶማ የሚሮጠውን ያህል ሲሆን፣ ግፊቱ ወደ 25 ኪሎ ግራም ያድጋል። በሌላ በኩል በውኃ ውስጥ ያለው የሰውነቱ ክፍል ስለሚቀል መሬቱን የሚጫነው ክብደት ወደ 53 ኪሎ ግራም ይወርዳል። በእርጥብ ጠጠር ላይ የቆመ እግር ሳይንሸራተት ሊቋቋም የሚችለው ግፊት ደግሞ ከዚህ ክብደት ከግማሽ ያነሰ፣ 21 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ ሰውየው ምንም ያህል ብርቱ ቢሆን ይንሸራተታል። ለመራመድ አንድ እግሩን ባነሣ ጊዜማ ሚዛኑን የሚጠብቀው በአንድ እግር ብቻ ነው።

ክብደታቸው አነስተኛ የሆኑ ሕፃናትና አረጋውያን ከዚህ ባነሰ ውኃ ይወድቃሉ። በኃይል የሚፈስ ጎርፍ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ብቻ ኖሮትም አዋቂን ሊጥል እንደሚችል ይታወቃል። ሕፃን በጀርባ አዝሎ መሻገርም የሁለት ሰው ሕይወትን በሁለት እግር ላይ መጣል ነው።

ከዚህ በተጨማሪ ጎርፍ ንጹሕ ውኃ አይደለም። አሸዋ፣ ድንጋይ፣ ግንድ፣ የተቀደደ ቆርቆሮና የሽቦ አጥር ይዞ ይመጣል። ድፍርስ በመሆኑም ትናንት የተረገጠው መሬት ዛሬ ተሸርሽሮ ጉድጓድ መሆኑን፣ ወይም የፍሳሽ ቦዩ ክዳን መነሣቱን ማየት አይቻልም።

ተሽከርካሪ ለምን አያድንም?

መኪና ከባድ ስለሆነ ጎርፍ አይወስደውም የሚለው እምነት ስሕተት ነው። መኪና በውስጡ ብዙ ባዶ ቦታ ያለው፣ ከሥሩም ሰፊ የሆነ ዕቃ በመሆኑ ውኃ ላይ እንደ ጀልባ የመንሳፈፍ ባሕርይ አለው።

1,100 ኪሎ ግራም የሚመዝንና ሆዱ ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ አነስተኛ የቤት መኪና እንውሰድ። የሆዱ ስፋት ወደ 6 ካሬ ሜትር ነው። ውኃው ሆዱን ከነካ በኋላ በየ10 ሴንቲ ሜትር ከፍታው መኪናውን በ600 ኪሎ ግራም ያህል ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለሆነም ውኃው ከሆዱ በላይ 18 ሴንቲ ሜትር፣ ከመንገዱ ደግሞ 33 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ የመኪናው ክብደት በሙሉ ሊነሣ ይችላል። ጎማዎቹ መንገዱን መያዝ የሚያቆሙት ግን ከዚያ አስቀድሞ ነው፤ መሪ ማዞርም ሆነ ፍሬን መርገጥ ከዚያ በኋላ ጥቅም የለውም። 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ የሚፈስ ውኃ ረጃጅምና ከባድ የሆኑትን ጨምሮ አብዛኞቹን ተሽከርካሪዎች ይዞ ይሄዳል። ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ ከመኪና እጅግ ስለሚቀልና ጎኑም ክፍት ስለሆነ ለተሳፋሪው ይበልጥ አስጊ ነው።

ከፊት የሄደ የጭነት መኪና በሰላም መሻገሩ ለሚከተለው ማስረጃ አይሆንም። የመኪኖቹ ክብደት የተለያየ ከመሆኑም በላይ፣ ደራሽ ጎርፍ በደቂቃዎች ልዩነት ከፍታው ይለወጣል።

በአንጻሩ ድንገት የሚሞላ ወንዝ ድንገት ይጎድላል። እንደ ደቻቱ ያለ ደረቅ ወንዝ ብዙውን ጊዜ ለመሻገር የሚያስችለው በሰዓታት ውስጥ ነው። እንግዲህ ተጓዡ በአንድ በኩል ያለው የጥቂት ሰዓታት መዘግየት፣ በሌላ በኩል ያለው ሕይወቱ ነው። መጠበቅ የማይቻል ከሆነ፣ ርቀት ቢጨምርም በጎርፍ ባልተነካ ድልድይ ዞሮ መሄድ ይገባል።

የቤተሰብ ዝግጅት

በወንዝ ዳር የሚኖር ቤተሰብ ዝግጅቱን ክረምት ወይም በልግ ከመግባቱ በፊት ቢያጠናቅቅ ይመረጣል። የመጀመሪያው ተግባር የማምለጫ መንገድ መምረጥ ነው። መንገዱ ወደ ከፍታ የሚወስድ፣ ወንዙንም ሆነ ማንኛውንም የጎርፍ ቦይ የማያቋርጥ መሆን አለበት። የቤተሰቡ አባላት በሙሉ አንድ ጊዜ በቀን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በምሽት በመንገዱ በእግር ሄደው፣ የሚወስደውን ጊዜ ቢለኩ፣ በጨለማና በድንጋጤ ወቅት አይሳሳቱም።

ሁለተኛው ማን ማንን እንደሚይዝ አስቀድሞ መወሰን ነው። ለምሳሌ ሰባት አባላት ባሉት ቤተሰብ፣ አባት አያትን ይደግፋል፣ እናት ሕፃኑን ታዝላለች፣ ታላቅ ልጅ ሁለቱን ታናናሾቹን ይይዛል። ሁሉም የሚገናኙበት ከፍ ያለ ቦታ አንድ ይሁን፤ እዚያ ያልደረሰን ሰው ፍለጋ ማንም ወደ ወንዙ እንዳይመለስ ይስማሙ። ልጆች በትምህርት ቤት ሳሉ ጎርፍ ቢመጣ፣ ወንዙን ተሻግረው ወደ ቤት እንዳይመጡና ባሉበት እንዲቆዩ አስቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል።

ሦስተኛው የማስጠንቀቂያ ሰንሰለት ነው። በደጋው በኩል ዘመድ ወይም ወዳጅ ያለው ቤተሰብ፣ ከባድ ዝናብ ሲጥል ስልክ እንዲደውሉለት ቢስማማ፣ ያቺ ጥሪ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ልታስገኝ ትችላለች። ተራሮቹ ላይ በሚዘንብበት ሌሊት አባላቱ በየተራ ነቅተው ይጠብቁ፤ ስልክም ተሞልቶና ድምፁ ተከፍቶ ይደር። የደረሰውን ማስጠንቀቂያ ለጎረቤት ማሰማት የእያንዳንዱ ቤተሰብ ኃላፊነት ነው።

አራተኛው በር አጠገብ የሚቀመጥ አንድ ቦርሳ ነው። መታወቂያ፣ የልደትና የትምህርት ማስረጃ፣ የቤት ካርታና የባንክ ደብተር በፕላስቲክ ተጠቅልለው፣ ከባትሪ፣ በየዕለቱ ከሚወሰድ መድኃኒት፣ ከጥቂት ገንዘብና ከመጠጥ ውኃ ጋር ይቀመጡበት። ለመውጣት ጊዜ ካለና እጅም እግርም ደረቅ ከሆነ የቆጣሪው ማጥፊያ ይጥፋ፤ የታሰሩ ከብቶችም ይፈቱ። ጊዜ ከሌለ ግን ቦርሳውም ቢሆን ይቅር። ጭቃ ቤት በውኃ ሲርስ ግድግዳው ስለሚፈርስ፣ ውስጡ ሆኖ ጎርፉን ለማሳለፍ መሞከር አይገባም።

ድንገት በውኃ የተያዘ ሰው ምን ያድርግ?

መኪናው ውኃ ውስጥ የቆመበት አሽከርካሪ ሞተሩን ደግሞ ለማስነሣት ጊዜ ማባከን የለበትም። ቀበቶውን ፈትቶ፣ ውኃው መስኮቱ ጋ ሳይደርስ መስኮቱን ከፍቶ መውጣት፣ ዳርቻው ሩቅ ከሆነም ጣሪያው ላይ ወጥቶ እርዳታ መጥራት ይኖርበታል። ውኃ የወሰደው ሰው በጀርባው ተንጋልሎ፣ እግሮቹን ወደ ፍሰቱ አቅጣጫ ዘርግቶ ራሱን ከድንጋይ ይከላከል፤ በእጆቹም በሰያፍ ወደ ዳርቻ ይቅዘፍ። በኃይለኛ ፍሰት መካከል ለመቆም መሞከር እግርን ድንጋይ ሥር ሊያስይዝ ይችላል።

የሚያድን ሰውም ዘሎ እንዳይገባ። ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን በገመድ አስሮ መወርወር ለተያዘው ሰው መንሳፈፊያ ይሆነዋል፤ የገመዱን ጫፍ ግን በወገብ ማሰር ሁለተኛ ሰው ሊያሳጣ ስለሚችል፣ በእጅ ብቻ ይያዝ።