የማር ወኪልና የሦስተኛው ዓመት ሒሳብ

አንድ የንብ አናቢዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ማሩን ጀርመን አገር የሚያሻሽጥለት ወኪል አገኘ እንበል። ወኪሉ ማሩን ለራሱ አይገዛም። ገዢ እየፈለገ በዩኒየኑ ስም ይዋዋላል፤ ከተሸጠው ላይ ከመቶ 5 ኮሚሽን ያገኛል። በውሉ ላይ «በጀርመን አገር ብቸኛ ወኪል» የሚል ቃል ሰፍሯል። አባላት ብዙም ሳያስተውሉት የሚያልፉት ይህ ቃል ነው በኋላ ሒሳብ የሚያስከትለው።

በመጀመሪያው ዓመት ወኪሉ ሁለት የማር አሻጊዎችን አመጣ፤ የ40,000 ዩሮ ማር ተሸጠ፤ ኮሚሽኑም 2,000 ዩሮ ሆነ። በሁለተኛው ዓመት እነዚሁ ገዢዎች አድራሻውን ስላወቁ በቀጥታ ለዩኒየኑ ጽፈው የ80,000 ዩሮ ማር አዘዙ። በስብሰባ ላይ «ደብዳቤው የመጣው ለእኛ ነው፤ ታዲያ ወኪሉ ምን ሠርቶ ይከፈለዋል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ለዩኒየኑ አይመችም።

የአውሮፓ ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው የንግድ ወኪሎች መመሪያ መሠረት፣ ወኪሉ ያመጣው ደንበኛ ውሉ ሳያልቅ ለተመሳሳይ ዕቃ ተመልሶ ቢያዝ ኮሚሽን ይከፈልበታል። በጀርመን ሕግም ክልል ለተሰጠው ወኪል፣ ከዚያ ክልል የመጣ ገዢ ወኪሉን አይቶት ባያውቅ እንኳ ኮሚሽን ያስከፍላል። ይህን ግን በውል መለወጥ ይቻላል። ለተደጋጋሚ ትእዛዝ ከመቶ 3 ብቻ ይሁን ማለት፣ ወይም ዩኒየኑ አስቀድሞ የሚያውቃቸውን ገዢዎች በስም ዘርዝሮ ከኮሚሽን ማስቀረት ይፈቀዳል። ውሉ ዝም ካለ ሕጉ ይናገራል።

የስንብት ካሳው እንዲህ በቀላሉ አይለወጥም። በሦስተኛው ዓመት ሽያጩ 120,000፣ ኮሚሽኑ 6,000 ዩሮ ደረሰና ዩኒየኑ «ገዢዎቹን አውቀናል» ብሎ ወኪሉን ሊያሰናብት ፈለገ። በቅድሚያ የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ከዚያም ወኪሉ ያመጣቸው ደንበኞች ለዩኒየኑ ጥቅም መስጠታቸውን ከቀጠሉ ካሳ ሊጠየቅ ይችላል። ጣሪያው የአንድ ዓመት አማካይ ኮሚሽን ነው፤ 2,000፣ 4,000ና 6,000 ተደምሮ ለሦስት ሲካፈል 4,000 ዩሮ ይሆናል። ይህ ጣሪያ ነው እንጂ ሁልጊዜ የሚከፈል ልክ አይደለም። ወኪሉ በከባድ ጥፋት ከተሰናበተ፣ ወይም ያለ በቂ ምክንያት በገዛ ፈቃዱ ከለቀቀ አያገኝም። ውሉ ካለቀ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ጥያቄውን ካላሳወቀም መብቱ ይቀራል።

«በኢትዮጵያ ሕግ እንተዳደር፤ ካሳ የለም» ብሎ መጻፍስ? አንድ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ከእንግሊዝ ወኪሉ ጋር በካሊፎርኒያ ሕግ ተዋውሎ ነበር። የአውሮፓ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ2000 ወኪሉ የሚሠራው በማኅበረሰቡ ውስጥ ስለሆነ ሕጉ ይጠብቀዋል ሲል ወሰነ።

ስለዚህ የዩኒየኑ ሒሳብ ሹም እያንዳንዱን ገዢ ማን እንዳመጣው፣ መቼ መጀመሪያ እንዳዘዘና ስንት ኮሚሽን እንደተከፈለበት በአንድ መዝገብ መያዝ አለበት። ወኪሉን ለማሰናበት ከታሰበም 4,000 ዩሮው ከትርፍ ክፍፍል በፊት ወደ ጎን ይቀመጥ፤ ለአባላት የታደለ ገንዘብ ተመልሶ አይሰበሰብም።